በፓውንድ ትርፍ፣ በዶላር ኪሣራ፦ የካይሮ አክሲዮን ገበያ ከ2011 እስከ 2024

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ2016 መጀመሪያ የካይሮ አክሲዮን ገበያ ዋና የዋጋ ጠቋሚ፣ ማለትም በገበያው በብዛት የሚሸጡትንና የሚገዙትን የ30 ኩባንያዎች አክሲዮን ዋጋ የሚያሳየው ኢጂኤክስ 30፣ 7,000 ነጥብ ገደማ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ 12,340 ገደማ ደረሰ። ይህም የ76 በመቶ ዕድገት ማለት ነው። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ገበያ ታላላቅ ኩባንያዎች ጠቋሚ የጨመረው 10 በመቶ እንኳ በማይሞላ መጠን ነው። እንግዲህ ቁጥሮቹን ብቻ ያየ ሰው፣ በዚያ ዓመት ገንዘቡን ካይሮ ላይ ያዋለው ባለሀብት ኒው ዮርክ ላይ ካዋለው ይልቅ እጅግ አተረፈ ብሎ ይፈርዳል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነበር።

በ2016 መጀመሪያ 100,000 ዶላር ይዞ ወደ ካይሮ የገባ የውጭ ባለሀብት እንደ ምሳሌ ይወሰድ። አንድ ዶላር በ7.83 የግብፅ ፓውንድ ሲመነዘር 783,000 ፓውንድ ያገኛል። የገዛቸው አክሲዮኖች ከጠቋሚው ጋር እኩል ቢያድጉ፣ የትርፍ ድርሻና የደላላ ክፍያ ሳይታሰብ፣ በዓመቱ መጨረሻ 1,378,000 ፓውንድ ገደማ ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ ግን አንድ ዶላር የሚገዛው በ18 ፓውንድ ገደማ ነበር። ስለዚህ ባለሀብቱ ወደ አገሩ የሚመልሰው 76,500 ዶላር ያህል ነው። በፓውንድ 76 በመቶ ያተረፈው ሰው፣ በዶላር ከመቶው ሃያ ሦስት እጅ ያህል ከስሯል። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣና አስቀድሞ ሊታይ ይችል እንደነበረ ለመረዳት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያሉ ገበያዎች ዛሬ የሚጠሩበት ስም የቆየ አይደለም። «ታዳጊ ገበያ» የሚለውን አነጋገር በ1981 ያወጣው በዓለም ባንክ ሥር በሚገኘው በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ይሠራ የነበረው አንትዋን ቫን አግትማል ነው። «ሦስተኛው ዓለም» የሚለው ስም ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች ስለሚያሸሽ፣ ተስፋን የሚያመለክት ስም ተፈለገለት። በ1992 ደግሞ የዚያው ድርጅት ባልደረባ የሆነችው ፋሪዳ ካምባታ፣ ከታዳጊዎቹም ይልቅ ያነሱትንና ግብይታቸው የቀጠነውን ገበያዎች «ፍሮንቲየር» ብላ ለየቻቸው፤ ቃሉ ድንበር ወይም ጠረፍ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአገር ሀብት ብቻ አይደለም። ዋናው መለኪያ አክሲዮን በብዛትና በፍጥነት መሸጥ መቻሉ፣ የሽያጩም ገንዘብ ያለ ችግር ከአገር መውጣቱ ነው። ግብፅ፣ አክሲዮን ገበያዋ በአሌክሳንድርያ በ1883 የተመሠረተ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያዎች በመወረሳቸው የደከመ፣ በ1990ዎቹ እንደገና የነቃ በመሆኑ፣ በ2001 ከታዳጊዎቹ ተርታ ተመደበች።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው በ2011 ነው። በጥር 25 ቀን ሕዝባዊው ዓመፅ በተነሣ በሁለተኛው ቀን ገበያው ሲንኮታኮት፣ ጥር 27 ቀን ከዐሥር በመቶ በላይ ወረደ። ከዚያም በሩ ተዘጋ፤ እስከ መጋቢት 23 ቀን ድረስም አልተከፈተም። በነዚህ ስምንት ሳምንታት ገደማ ውስጥ የካይሮ አክሲዮን የያዘ ሰው ዋጋ ነበረው፣ ገዢ ግን አልነበረውም። ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ የፈለገ፣ ወይም ደንበኞቹ ገንዘባችንን መልስልን ያሉት የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ንብረቱን በየትኛውም ዋጋ ካይሮ ላይ ሊሸጠው አይችልም። አክሲዮንን ሳያረክሱ ቶሎ ወደ ጥሬ ገንዘብ የመለወጥ ችሎታ ማለት ይህ ነው፤ ሲኖር አይታወቅም፣ ሲጠፋ ግን ሌላውን ሁሉ ይጋርዳል። ገበያው በተከፈተ ዕለት ጠቋሚው ዘጠኝ በመቶ ያህል መውረዱም የሚያስደንቅ አልነበረም። ለሁለት ወር የታፈነው ሽያጭ በአንድ ቀን ወጥቷልና።

ሁለተኛው ፈተና ግን ከዚህ ይልቅ ድምፅ አልባ ነበር። የአገር ጐብኚዎችና የውጭ ገንዘብ በመሸሻቸው፣ በ2010 መጨረሻ 36 ቢሊዮን ዶላር ያህል የነበረው የግብፅ የውጭ ምንዛሪ ክምችት በ2013 መጀመሪያ ወደ 14 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ማዕከላዊ ባንኩ የፓውንዱን ተመን በእጁ ይዞ ለመቆየት ስለፈለገ፣ ዶላሩን በቁጥር ማደል ጀመረ። ከዚህም የተነሣ ገበያው ክፍት ሆኖ ሳለ መውጫው ተዘጋ።

የመውጫው መንገድ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አክሲዮኑ ይሸጣል። ቀጥሎ ከጥቂት የሥራ ቀናት በኋላ የሽያጩ ፓውንድ በአደራ ጠባቂው ባንክ ሒሳብ ይገባል። በመጨረሻም ባንኩ ያንን ፓውንድ ወደ ዶላር መንዝሮ ወደ ውጭ ይልካል። በግብፅ የተደናቀፈው ሦስተኛው ደረጃ ነበር። ሻጩ አክሲዮኑን ሽጦ፣ ፓውንዱን ተቀብሎ፣ ዶላሩን ለማግኘት በባንክ ወረፋ ይጠብቃል። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው፣ ወተቷ በመዝገብ እንጂ በጽዋ አልታየም። ስለዚህ የአንድን ገበያ ቅልጥፍና በአክሲዮን ሽያጩ ብዛት ብቻ የሚለካ ሰው የመንገዱን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይለካል።

ወረፋው በሚረዝምበት ወቅት የመዝገብ ዋጋም ያሳስታል። በ2016 ክረምትና መኸር አንድ ዶላር በይፋ በ8.88 ፓውንድ ይመነዘር ነበር። በጥቁር ገበያ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየናረ ሄዶ በጥቅምት ወር ከ15 ፓውንድ በላይ ደረሰ። 888,000 ፓውንድ የሚያወጣ አክሲዮን የያዘ ፈንድ፣ በይፋው ተመን ሲያሰላ ለደንበኞቹ 100,000 ዶላር አለኝ ብሎ ይጽፋል። በ15 ፓውንድ ቢሰላ ግን ያ ንብረት 59,200 ዶላር ብቻ ነው። የሒሳብ ሰው ሕጋዊውን ተመን ቢከተል አይወቀስም፤ ነገር ግን በዚያ ተመን ዶላር የሚሸጥለት ሰው ከሌለ፣ የጻፈው ቁጥር ዋጋ ሳይሆን ምኞት ነው።

እውነተኛውን ተመን ለማወቅ ግን የጥቁር ገበያን ወሬ ማድመጥ ብቻ አልነበረም መንገዱ። በካይሮ ከሚሸጡት አክሲዮኖች የትልቁ የግል ባንክ፣ የኮሜርሻል ኢንተርናሽናል ባንክ አክሲዮን፣ በለንደን ገበያም በአደራ ሰነድ አማካይነት በዶላር ይሸጣል። አንዱ ሰነድ አንድ የካይሮ አክሲዮን ይወክላል። ስለዚህ የካይሮው ዋጋ በፓውንድ፣ የለንደኑ ዋጋ በዶላር ይወሰድና አንደኛው ለሌላው ይካፈላል። ለአብነት ያህል፣ አክሲዮኑ በካይሮ 60 ፓውንድ፣ ሰነዱ በለንደን 4 ዶላር ቢሆን፣ ገበያው አንድን ዶላር በ15 ፓውንድ እየገመተው ነው ማለት ነው። ይፋው ተመን 8.88 ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሚመጣውን የተመን መውደቅ መጠን ይጠቁማል። ይህ ስሌት የማንንም ምስጢር አይጠይቅም፤ ሁለት የታተሙ ዋጋዎችን ማወዳደር ይበቃል።

ልዩነቱ የተፈጠረበት ምክንያት ደግሞ የካይሮን ዕድገት ራሱን ይገልጣል። ፓውንድ በእጁ ያለና ዶላር የሚፈልግ ሰው፣ አክሲዮኑን ካይሮ ላይ በፓውንድ ይገዛል። በአደራ ጠባቂው ባንክ በኩል ያስረክብና በምትኩ የለንደኑ ሰነድ ይወጣለታል። ሰነዱንም ሸጦ ዶላር ይቀበላል። አክሲዮኑ እንግዲህ የባንክ ድርሻ ብቻ ሳይሆን የዶላር መግዣ ቲኬት ሆኗል። ይህንን ቲኬት የሚሻማው ፈላጊ የካይሮውን ዋጋ ወደ ላይ ይገፋዋል። የዚህ ባንክ አክሲዮን ብቻውን ከጠቋሚው ክብደት ሲሶ ያህል የያዘባቸው ጊዜያት ስለነበሩ፣ ጠቋሚውም አብሮ ይነሣል። ሌላውም አክሲዮን ቢሆን ከሚረክስ ገንዘብ መሸሸጊያ ስለሆነ ይፈለጋል። በመሆኑም በፓውንድ የታየው ዕድገት ከፊሉ የኩባንያዎቹ ብልጽግና ሳይሆን፣ ገና በይፋ ያልታወጀው የፓውንድ መውደቅ ጥላ ነበር። ይህ መለኪያ ግን የራሱ ወሰን አለው። የለንደኑ ግብይት ከቀጠነ፣ ወይም መንግሥት አክሲዮንን ወደ ሰነድ መለወጥን ከገደበ፣ ርቀቱ የተመን ፍርሃትን ብቻ ሳይሆን የመንገዱን መጥበብም ጭምር ያሳያል።

ኅዳር 3 ቀን 2016 ማዕከላዊ ባንኩ የፓውንዱን ተመን ለገበያ ለቀቀ። መነሻው በዶላር 13 ፓውንድ ቢባልም፣ በዓመቱ መጨረሻ ወደ 18 ገደማ ደረሰ። በዚያው ወር ከዓለም ገንዘብ ድርጅት ጋር የ12 ቢሊዮን ዶላር ብድር ስምምነት ጸደቀ። የተመኑ መውደቅ አስቀድሞ የገባውን ሰው አከሰረው፤ ዘግይቶ የመጣውን ግን ጠቀመው። በ2017 ጠቋሚው 22 በመቶ ያህል ሲያድግ ፓውንዱ በ18 አካባቢ ጸንቶ ስለቆየ፣ ከተመኑ መስተካከል በኋላ የገባው የውጭ ባለሀብት የካይሮን ትርፍ እንዳለ ወደ ዶላር ለወጠው። ስለዚህ ልዩነቱ አክሲዮኑ ወይም ኩባንያው አይደለም፤ የገባበትና የወጣበት ተመን ነው።

ታሪኩ ከስድስት ዓመት በኋላ ተደገመ። ከመጋቢት 2022 በፊት 15.7 የነበረው ተመን በተከታታይ ተሻሽሎ፣ መጋቢት 6 ቀን 2024 እንደገና ለገበያ ሲለቀቅ 50 ገደማ ደረሰ። ከ2021 መጨረሻ እስከ 2024 መጨረሻ ጠቋሚው ከ11,950 ገደማ ወደ 29,740 ገደማ ወጣ፤ ማለትም ሁለት እጥፍ ተኩል ሆነ። በዶላር ሲሰላ ግን ከመቶው ሃያ ሦስት እጅ ያህል ጠፋ። በመካከሉ ባሉት ዓመታትም የለንደኑና የካይሮው ዋጋ እንደ ቀድሞው ተራርቀው ነበር። ምልክቱ በድጋሚ ታየ፤ ያነበበውም ተጠቀመበት።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሂሳብና የፋይናንስ ባለሙያዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን 74 ብር ደረሰ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። በጥር 2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። በአዲስ ገበያ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት፣ ዕለታዊ ሽያጩም ቀጭን መሆኑ የተፈጥሮ ነገር ነው። የኢትዮጵያን አክሲዮን ዋጋ የሚመሰክር የለንደን ሰነድም የለም። ስለዚህ የካይሮ ባለሙያዎች ሁለት የታተሙ ዋጋዎችን አካፍለው ያገኙትን መልስ፣ የአዲስ አበባ ባለሙያ በሌላ መንገድ መፈለግ ይኖርበታል። ይኸውም በይፋውና በትይዩ ገበያ መካከል ያለውን ርቀት በየወሩ በመመዝገብ፣ ለምንዛሪ የሚጠበቀውን ወረፋ በቀናት በመቁጠር፣ በአክሲዮን ሽያጭ ማግሥትም ገንዘቡ ከአገር የወጣበትን ዕለት በማስፈር ነው። ለውጭ ባለሀብት በሚቀርብ ሪፖርት ላይ በብር የተገኘው ትርፍ በአንድ ዓምድ፣ በዶላር ሊወጣ የሚችለው በሌላ ዓምድ ቢጻፍ፣ የካይሮው 76 በመቶ ያሳሳታቸው ሰዎች ያላዩት ነገር ከመነሻው ይታያል።