ለበርታ ጓደኛችሁ የሰርግ ካርድ ስትጽፉ፦ ምን ይባላል፣ ምን አይባልም?

ጓደኛችሁ አሶሳ ላይ ሊያገባ ነው። በርታ ነው፣ ሙስሊም ነው፤ እናንተ ደግሞ ከክርስቲያን ቤተሰብ ናችሁ። ስጦታው ተገዝቷል፣ ካርዱም ተገዝቷል፣ ውስጡ ግን ገና ባዶ ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ «የሰርግ መልካም ምኞት» ብላችሁ ትፈልጋላችሁ፣ መጀመሪያ ያገኛችሁትን ትገለብጣላችሁ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በአማርኛ የሚዞሩት ብዙዎቹ የሰርግ ምርቃቶች ከቤተክርስቲያን የወጡ ናቸው፤ ስለለመድናቸው ግን አይታወቀንም።

እኔም አንዴ እንደዚያ አድርጌያለሁ። «በቃና ዘገሊላ ሰርግ የተገኘው ጌታ የእናንተንም ቤት ይባርክ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። ሙሽራው ስቆ አለፈው። ታናሽ ወንድሙ ግን ካርዱን ለእናታቸው ጮክ ብሎ እያነበበ ነበርና መሀል ላይ ቆም አለ። ከዚያ «እንኳን ደስ አላችሁ ይላል» ብሎ አጠፈው። ማንም አልተቆጣኝም። ግን ለእናትየው ብዬ የጻፍኩት ምርቃት እሷ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

ስለዚህ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት የጥሪ ወረቀቱን አንብቡ። በቴሌግራም የተላከላችሁ ምስልም ቢሆን ያው ነው። ከላይ «ቢስሚላህ» የሚል ካለ፣ ወይም «ኒካህ» እና «ወሊማ» የሚሉት ቃላት ካሉ ሰርጉ የሙስሊም ነው። ኒካህ የጋብቻ ውሉ ነው፣ ወሊማ ደግሞ ድግሱ። «ሥርዓተ ተክሊል» ካለ ኦርቶዶክስ ነው። «በጌታ በኢየሱስ ስም» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የፕሮቴስታንት ነው፤ ለእነሱ «እመቤታችን ትባርካችሁ» ብሎ መጻፍም ሌላ ስህተት ነው። በብሔር ብቻ መገመት ያሳስታል። በርታዎች በአብዛኛው ሙስሊም ናቸው። ሺናሾች ዘንድ ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም አለ። ጉሙዝ ዘንድ ደግሞ ሙስሊምም፣ ክርስቲያንም፣ የአባቶቹን እምነት የያዘም ታገኛላችሁ። ወረቀቱ ፈጣሪን የጠራበትን ስም አይታችሁ እሱን ተከተሉ።

እሺ፣ የሙስሊም ሰርግ መሆኑን አወቅን። «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ብትሉ የሚቀየም ሰው ላይኖር ይችላል፤ አሶሳ ላይ ሰው ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው። ግን ለእነሱ የተጻፈ አይመስልም። «ፈጣሪ ይባርክላችሁ» የሚለው ለሁለቱም ወገን ይሆናል፤ ጸሐፊውም ያላመነበትን አልጻፈም፣ አንባቢውም አሚን ይላል። «አላህ ይባርክላችሁ» ማለትም ይቻላል። አረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች እኮ በጸሎታቸው ፈጣሪን «አላህ» ብለው ነው የሚጠሩት።

አሶሳ ለሱዳን ድንበር ቅርብ ስለሆነች አረብኛ በከተማው የተለመደ ነው። ስለዚህ አንድ የአረብኛ መስመር ብትጨምሩ ደስ ይላቸዋል። ቀላሉ «አልፍ ማብሩክ» ነው፤ «ሺህ ጊዜ እንኳን ደስ አላችሁ» እንደማለት። ቋንቋ የሚያጠብቁ ሰዎች «ማብሩክ ሳይሆን ሙባረክ ነው ትክክሉ» ይሏችኋል፤ በንግግር ግን ሁሉም ማብሩክ ነው የሚለው፣ አትጨነቁ።

ከፍ ያለውና ለሙስሊም ሙሽሮች የሚባለው ዱዓ ግን ይሄ ነው፦

«ባረከላሁ ለኩማ፣ ወባረከ አለይኩማ፣ ወጀመዓ በይነኩማ ፊ ኸይር።»

ትርጉሙ «አላህ ይባርክላችሁ፣ በረከቱን በእናንተ ላይ ያውርድ፣ ሁለታችሁንም በመልካም ነገር ያገናኛችሁ» ነው። ከነቢዩ ሙሐመድ የተወረሰ ስለሆነ ትልልቆቹም ያውቁታል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው። ስትፈልጉ «ባረከላሁ ለከ» የሚል ታገኛላችሁ፤ «ለከ» ለአንድ ወንድ ነው፣ ማለትም ሙሽራውን ብቻ ስታናግሩ። ለሙሽሪት ብቻ ከሆነ «ለኪ» ይሆናል። ካርዱ ለሁለቱም ከሆነ «ለኩማ» መሆን አለበት። «አለህ፣ አለሽ፣ አላችሁ» እንደምንለው ማለት ነው፤ አረብኛው ግን ለሁለት ሰው የራሱ መጨረሻ አለው።

ትርጉሙን ያላወቃችሁትን አረብኛ ግን በፍጹም አትገልብጡ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» የሚለውን ፌስቡክ ላይ ደጋግመን ስለምናየው ጥሩ ምኞት ይመስላል። የሚባለው ሰው ሲሞት ነው። «አላህ ይርሀመው»ም እንደዚያው ለሟች ነው። ሰርግ ካርድ ላይ ይሄን ከመጻፍ ባዶ ካርድ መስጠት ይሻላል።

በበርታኛ መስመር መጨመር ለሚፈልግ ደግሞ፦ በርታኛ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፣ አነጋገሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሙሽራው ካደገበት አካባቢ የመጣ ጓደኛ ፈልጋችሁ በድምፅ አስቀዱት፣ አጻጻፉንም ራሱ ይጻፍላችሁ። ግምት አይሰራም።

አሁን ወደ አማርኛ ምርቃቶቻችን እንምጣ። «ውለዱ ክበዱ» የሚለውን ሁላችንም እንወደዋለን። ሱዳኖችም ሰርግ ላይ «በይት ማል ወዒያል» ይላሉ፤ የሀብትና የልጆች ቤት ይሁን ማለታቸው ነው። ስለዚህ ሀሳቡ እንግዳ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከእስልምና በፊት አረቦች ሙሽሮችን «ስምምነትና ወንዶች ልጆች ይሁንላችሁ» ብለው ይመርቁ ነበር። የዓሊ ወንድም ዓቂል ሲያገባ ሰዎች ይሄንኑ ሲሉት «እንደዚያ አትበሉ» ብሎ ከላይ ወዳለው ዱዓ እንደመለሳቸው ይተረካል። ዲኑን የሚያጠብቅ ቤተሰብ ጋ እንግዲህ በረከቱ ይቅደም፣ ልጁ ይከተል። ወንድ ልጅ ብቻ ለይቶ መመኘትም ይቅር።

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» የሚለውን ግን እኔ ጨርሶ አልጽፈውም። አማርኛ አፍ የፈታ ሰው ልጆች ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረች አክስት ግን «ቀባሪ» የሚለው ላይ ትቆማለች፦ በሰርግ ቀን ቀብር ምን አመጣው?

«እንደ አብርሃምና ሣራ» የሚለውስ? ሁለቱም በእስልምና የታወቁና የተከበሩ ናቸው፣ ኢብራሂምና ሳራ ይባላሉ። ነገር ግን ሙስሊም አንባቢ ኢብራሂምን ሲያስብ ሀጀርንም ያስባል፤ የኢስማዒል እናት፣ የኢብራሂም ሌላዋ ሚስት። ለአዲስ ሙሽሪት ሁለተኛ ሚስት የምታስታውስ ምርቃት... እናንተው ፍረዱ።

ስም ላይም ጥንቃቄ አለ። ሙሽራው አብዱራህማን ቢባልና እናንተ ለማሳጠር «ራህማን እንኳን ደስ አለህ» ብትሉት በፈጣሪ ስም ጠራችሁት ማለት ነው። አብዱራህማን «የአር-ራህማን ባሪያ» ማለት ነው፣ አር-ራህማን ደግሞ ከአላህ ስሞች አንዱ ነው። «አብዱ» ብላችሁ ብታሳጥሩት ችግር የለውም፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራው። ካርድ ላይ ግን ሙሉውን ጻፉት።

የሙሽሪትም ስም ይጻፍ፤ የማታውቁት ከሆነ ጠይቁ። ወንድ ሆናችሁ የሙሽራው ጓደኛ ከሆናችሁ ለእሷ «ማሬ»፣ «ቆንጅዬ»፣ ልብና መሳም ያለበት ምልክት አይሄድም። ካርዱን የሚያነቡት አባቷና ወንድሞቿም ናቸው።

ከሁሉም የሚያመው ግን መልክ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። «ጥቁሯ እንቁ»፣ «የቸኮሌት ቆንጆ» የሚሉ ቃላት ለጸሐፊው ሙገሳ ይመስሉታል። የዚህ ክልል ሰው ግን በቆዳ ቀለሙ እየተለየ የተሰደበበት፣ ከዚያም በፊት አያቶቹ በባሪያ ፍንገላ የተወሰዱበት ታሪክ አለው። ይሄን በቤቱ ሲሰማ ላደገ ሰው ቀለሙን የሚያነሳ ሙገሳ ሙገሳ አይሆንለትም። «አምራችኋል» በቂ ነው። ፎቷቸው ስር ከሆነ ደግሞ «ማሻአላህ» ትክክለኛው ቃል እሱ ነው።

ምስሉንም እዩት። የተዘጋጁ ካርዶች ላይ የሚጋጩ የወይን ብርጭቆዎች፣ መስቀል፣ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት ይበዛሉ። ከስልክ ላይ የምታወርዱት ከሆነ ደግሞ Cheers! ወይም Mr. & Mrs. ብሎ ከሙሽራው ስም ጋር የሚያያይዝ አለ፤ እኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። አበባ፣ ቀለበት፣ ወይም ምንም ምስል የሌለው ይሻላል። የኢትዮጵያን ቀን ከነ«ዓ.ም»ው መጻፍ ግን ችግር የለውም፤ የቀበሌ ወረቀቱም በዚያው ነው የሚሞላው።

አሁን አንድ ካርድ እናስተካክል። በችኮላ የተጻፈው ይሄ ነው እንበል፦

«ውድ ራህማን እና ጥቁሯ ቆንጆ ሙሽራ፣ እግዚአብሔር ጋብቻችሁን እንደ አብርሃምና ሣራ ያድርግላችሁ። ውለዱ ክበዱ፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ። Cheers!»

ክፋት የለበትም፣ ግን እያንዳንዱ ቃል የተጻፈው ለሌላ ሰርግ ነው። ስሙን እንሞላለን፣ የቆዳ ቀለሙን እናወጣለን፣ ፈጣሪን ሁለታችንም በምንጠራበት ስም እንጠራለን፣ ቀብሩን እንተዋለን። ይሄ ይሆናል፦

«ለወንድሜ አብዱራህማን እና ለ(የሙሽሪት ስም)፣
እንኳን ደስ አላችሁ! አልፍ ማብሩክ!
ፈጣሪ ትዳራችሁን ይባርክላችሁ። ጎጇችሁ ሰላምና ፍቅር የሞላበት፣ በልጆች ሳቅ የደመቀ ይሁን።
ባረከላሁ ለኩማ፣ ወባረከ አለይኩማ፣ ወጀመዓ በይነኩማ ፊ ኸይር።
ጓደኛችሁ (ስማችሁ ከነአባት)፣ አሶሳ»

ዱዓው ከከበዳችሁ እሱን ዝለሉት፣ ካርዱ ያለሱም ሙሉ ነው። የራሳችሁን ስም ከነአባት ማስገባት ግን አትርሱ። ስጦታ የሚከፈተው ሰርጉ ካለቀ በኋላ ነው፤ «ከጓደኛህ» ብቻ የሚል ፖስታ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ካርዱን ስትሰጡ ደግሞ መልስ ይመጣል፣ ቀድማችሁ እወቁት። ለ«ማብሩክ» የሚመለሰው ለወንድ «አላህ ዪባሪክ ፊክ»፣ ለሴት «አላህ ዪባሪክ ፊኪ» ነው፤ አላህ አንተንም አንቺንም ይባርክ ማለት ነው። ያላገባችሁ ከሆነ አንዷ እናት «ዑቅባለክ» ማለቷ አይቀርም፣ ለሴት «ዑቅባሊክ»። ቀጣዩ ያንተ ይሁን ነው። «አሚን» ትላላችሁ፣ ወደ ምግቡ ትሄዳላችሁ።