የወረቀት ግብይት

አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ፕሮግራም ለደላላ ድርጅት እውነተኛ ትዕዛዝ ከመላኩ በፊት በምናብ ገንዘብ የሚፈተንበት ደረጃ ነው። በአሜሪካው ደላላ ድርጅት አልፓካ የሙከራው ትዕዛዝ ወደ `paper-api.alpaca.markets` ይላካል፤ ወደ እውነተኛው ሲሻገር አድራሻው `api.alpaca.markets` ይሆናል፣ ቁልፎቹም ይለወጣሉ። የተደጋገመ ትዕዛዝና የተሳሳተ ብዛት እዚህ ያለ ኪሳራ ይጋለጣሉ። ሙከራው ግን ትርፍን አያረጋግጥም። ገበያው ላይ በ10.02 ዶላር የቀረቡት 300 አክሲዮኖች ብቻ ሆነው ፕሮግራሙ 5,000 ቢያዝ፣ ሙከራው ብዛቱን ከቀረበው ጋር ስለማያመሳክር ሁሉንም በዚያው ዋጋ የተገዙ አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል። በእውነተኛው ገበያ የተቀሩት 4,700ዎቹ እየናረ በሚሄድ ዋጋ ይገዛሉ፤ የዋጋ ጣሪያ ከተቀመጠም ሳይፈጸሙ ሊቀሩ ይችላሉ። ጠንቃቃ ሰው እያንዳንዱን ግዢ በዚያች ቅጽበት ለሽያጭ ከቀረበው ብዛት ጋር ያስተያያል፤ የሚበልጠውን ከትርፉ ሒሳብ ያወጣል።