የታፔላ ፊደል ከማዶ ሲታይ

አንድ ነጋዴ ታፔላ ሲያሠራ ሥራውን የሚረከበው አብዛኛውን ጊዜ በማተሚያ ቤቱ የኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ነው። ቀጥሎም ታፔላው ወለል ላይ ተዘርግቶ በሁለትና በሦስት ሜትር ርቀት ያየዋል፤ ያምርበታል፣ ክፍያውንም ይፈጽማል። ደንበኛው ግን ታፔላውን የሚያየው ከመንገዱ ማዶ፣ ታክሲ እየጠበቀ፣ ፀሐይ ዓይኑ ላይ እየወረደች ነው። በሁለቱ እይታዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ሰሌዳ የማይነበብ ጌጥ ያደርገዋል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። አንድ መድኃኒት ቤት ከመንገዱ ማዶ ካለው የእግረኛ መሄጃ 24 ሜትር ይርቃል እንበል። ለታፔላው ያለው ቦታ 4 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከፍታ ሲሆን፣ በላይኛው መስመር በአማርኛ፣ በታችኛው በእንግሊዝኛ ይጻፍበታል። ባለቤቱ ሊመልሳቸው የሚገቡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ፊደሉ ምን ያህል ይርዘም? የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር ይጣመር? ነጸብራቁስ እንዴት ይወገድ?

የፊደል ቁመት

በውጭ አገር የታፔላ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ አንድ መነሻ አለ፤ ለእያንዳንዱ 30 ጫማ ርቀት 1 ኢንች የፊደል ቁመት ይሰጣል። በእኛ መለኪያ ይህ ለአንድ ሜትር ርቀት 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ24 ሜትር ሲሰላ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። የላቲን ትልልቅ ፊደላት በዚህ ቁመት ይነበባሉ። ብዙዎቹ የአማርኛ ጽሑፎችም ከእንግሊዝኛው ጋር እኩል ቁመት የሚሰጣቸው ይህ ልማድ እንዳለ በመወሰዱ ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የላቲን ፊደላት እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በአብዛኛው በጠቅላላ ቅርጻቸው ነው። የእኛ ፊደል ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሰባት መልክ ያለው ሲሆን፣ ሰባቱን የሚለየው እግር ወይም ጎን ላይ የምትጨመር ትንሽ ምልክት ናት። «ቢ» እና «ቤ» አንድ ዓይነት አካል አላቸው፤ «ቢ» እግሩ ላይ አጭር ሰረዝ አለችው፣ «ቤ» ደግሞ ቀለበት። የቀለበቷ መሐል ክፍት መሆኑ ካልታየ «ቤት» የሚለው ቃል «ቢት» ሆኖ ይነበባል። «ኒ» እና «ኔ»፣ «ሊ» እና «ሌ» እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ለአማርኛ ታፔላ የሚለካው የፊደሉ ቁመት ብቻ ሳይሆን በፊደሉ ውስጥ ያለችው ትንሿ ክፍተት ናት።

ጤናማ ዓይን (በሐኪም ሰንጠረዥ 6/6 የሚባለው) በአንድ ሜትር ርቀት መለየት የሚችለው ትንሹ ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ24 ሜትር ይህ 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ግን የመጨረሻው ወሰን ስለሆነ፣ ዕድሜው የገፋ፣ መነጽሩን የረሳ ወይም እየተራመደ የሚያነብ ሰው ከዚህ በላይ ያስፈልገዋል። ወሰኑን በእጥፍ መውሰድ ጥሩ ልማድ ነው። በምሳሌያችን የ«ቤ» ቀለበት ውስጠኛ ክፍተት ከ14 ሚሊ ሜትር ያላነሰ መሆን አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ እንመለስ። ባለቤቱ «ቤ» የሚለውን ፊደል በመረጠው የፊደል ዓይነት በአንድ ወረቀት ላይ 24 ሳንቲ ሜትር አስረዝሞ ያሳትምና የቀለበቱን ክፍተት በማስመሪያ ይለካ። 2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ካገኘው ክፍተቱ የቁመቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። 14 ሚሊ ሜትርን በ12 ስናባዛ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የአማርኛው ጽሑፍ ሊኖረው የሚገባው ቁመት ይህ ነው። በ7 ሳንቲ ሜትር ቢጻፍ ኖሮ የቀለበቱ ክፍተት 6 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከማዶ ያለው ሰው ዓይኑ ጤናማ ቢሆንም አያየውም።

«ራቅ ብሎ እንዲታይ ወፈር ይበል» የሚለው የተለመደ ትእዛዝ እዚህ ላይ ጉዳት ያመጣል። ፊደሉ ሲወፍር መስመሩ ወደ ውስጥም ስለሚያድግ ቀለበቱን ይደፍነዋል። በወፍራሙ የፊደል ዓይነት የተለካው ክፍተት 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ አስፈላጊው ቁመት ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ ያ ደግሞ ሁለት መስመር በሚጻፍበት የ1 ሜትር ሰሌዳ ላይ ኅዳጉን ያጠብበዋል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ፊደል በ18 ሳንቲ ሜትር ቢጻፍ ከእጅግ ወፍራሙ የበለጠ ይነበባል።

በእርግጥ «መድኃኒት ቤት» የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ቀለበቱ ባይታይም ገምቶ ያነበዋል። የባለቤቱን ወይም የድርጅቱን ስም ግን መገመት አይቻልም፤ ስሕተት የሚፈጠረው እዚያ ነው። ስለሆነም ልኬቱ መሠራት ያለበት በስሙ ውስጥ ባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት ባለው ፊደል ነው።

ሙሉውን መጠን ማሳተም የማይመች ከሆነ ልኬቱን በአራት ማካፈል ይቻላል። 18 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ፊደል በ4.5 ሳንቲ ሜትር አሳትሞ በ6 ሜትር ርቀት ማየት ማለት ነው። ስሙን ከዚህ በፊት ያላየ ሰው ያንብበው፤ የሚያውቀው ሰው የሚያነበው በትዝታው ስለሆነ አይፈርድም።

የቀለም ጥምረት

ከሩቅ ፊደልን የሚያስነብበው በሁለቱ ቀለማት መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ነው፤ የቀለሞቹ ዓይነት መለያየት ብቻውን አይበቃም። ቀይና አረንጓዴ በዓይነት የተራራቁ ቢሆኑም፣ የሚመልሱት ብርሃን ተቀራራቢ ስለሆነ ከሩቅ ይዋሐዳሉ። ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸገሩ ወንዶች ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን 85 በመቶ ያህሉን፣ ቢጫ 71፣ አረንጓዴ 17፣ ቀይ 13፣ ጥቁር ደግሞ 8 በመቶ ያህሉን ይመልሳል እንበል። ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሶ ለትልቁ ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥምረቱ ይሠራል። ጥቁር በቢጫ ላይ 89፣ ቀይ በነጭ ላይ 85 በመቶ ይሰጣል። ቀይ በጥቁር ላይ ግን 38፣ ቀይ በአረንጓዴ ላይ 24፣ ቢጫ በነጭ ላይ 16 ብቻ ነው። በየመንገዱ የምናያቸው በጥቁር ላይ የተጻፉ ቀይ ስሞች በቅርብ የሚያምሩትን ያህል ከማዶ የሚጠፉት ለዚህ ነው።

ይህን ያለ ስሌት ለመፈተን የታፔላውን ናሙና በሞባይል ፎቶ አንስቶ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ይበቃል። ጽሑፉ በግራጫው ውስጥ ከሰመጠ ጥምረቱ መለወጥ አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ቀይና ቢጫ የኅትመት ቀለማት በፀሐይ ከሰማያዊና ከጥቁር ቀድመው ይለቃሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። በነጭ ላይ የታተመ ቀይ ስም ዛሬ ቢነበብም እየሳሳ ወደ ሮዝ ሲሄድ ልዩነቱ አብሮ ይወርዳል። በነጭ ላይ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወይም በጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ቢሆን ግን ቢደበዝዝም ረዘም ላለ ጊዜ ይነበባል።

ነጸብራቅ

ፊደሉም ቀለሙም ተስተካክሎ ታፔላው በቀን ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት ነጭ መስተዋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሚያብረቀርቅ ፍሌክስ፣ አክሬሊክና መስታወት በላያቸው ያለውን ሰማይ ይመልሳሉ፤ የሰማዩ ብርሃን ጥቁሩ ላይ ሲያርፍ ጥቁሩም ግራጫ ይሆናል፣ ልዩነቱም ይጠፋል።

ምን እንደሚንጸባረቅ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ታፔላው በሚሰቀልበት ቦታ ትንሽ መስተዋት በግድግዳው ልክ አስተካክሎ ይያዝ፤ ባለቤቱ ከማዶ ሆኖ መስተዋቱን ይመልከት። በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ፊት ለፊት ያለ ሕንፃ ወይም ዛፍ ከሆነ ችግር የለም። ሰማይ ከታየ ግን ከታፔላው ላይ የሚመለሰው ያው ሰማይ ነው።

በምሳሌያችን ታፔላው ከመሬት 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የተመልካቹ ዓይን 1 ሜትር ከ60 ላይ። ወደ ታፔላው የሚሄደው እይታ ወደ ላይ 6 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ከቀጥ ያለው ሰሌዳ ላይ ተመልሶ በተመልካቹ አናት በላይ ያልፋል። መንገዱን ሲሻገር 6 ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ላይ ይደርሳል። ማዶ ያለው ቤት ከዚህ ካነሰ የሚንጸባረቀው ሰማይ ነው። ሱቁ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ደግሞ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ 25 ደቂቃ ገደማ ቀደም ብሎ ከታፔላው ላይ ተመልሳ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ሰው ከሥራ ወጥቶ መድኃኒት የሚፈልግበት ሰዓትም ይኸው ነው።

መፍትሔው ሰሌዳውን በጥቂቱ ወደ ፊት ማዘንበል ነው። የ1 ሜትሩ ሰሌዳ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ቢወጣ 5 ዲግሪ ያዘነብላል። ነጸብራቁ በእጥፍ፣ ማለትም 10 ዲግሪ ወደ ታች ይወርዳል፤ ተመልካቹም በሰማዩ ፈንታ ማዶ ያለውን ግድግዳ የታችኛውን ክፍል ያያል። ለብረት ሠሪው ይህ ከመስቀሉ በፊት ከተነገረው የሁለት ብረት ጉዳይ ነው፤ ከተሰቀለ በኋላ ግን ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ከዚህ ጋር የማያብረቀርቅ የላይ ሽፋን መምረጥ ይረዳል፤ ሆኖም የማያብረቀርቅ ሽፋን ነጸብራቁን ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ማዘንበሉን አይተካም።

ማታ ችግሩ ከውስጥ ይመጣል። ነጭ መደብ ያለው ላይት ቦክስ በኃይለኛ ኤልኢዲ ሲበራ፣ ከመደቡ የሚወጣው ብርሃን በጥቁሩ ፊደል ላይ እየፈሰሰ ቀጭን መስመሮችን ይበላል። ጠቆር ባለ መደብ ላይ የሚበሩ ነጭ ፊደላት ደግሞ ለዓይን ከትክክለኛ ውፍረታቸው ወፍረው ይታያሉ፤ በዚህ ጊዜ የ«ቤ» ቀለበት እንደገና ይደፈናል። ስለዚህ ለሚበራ ፊደል ከቀኑ ቀጠን ያለ ዓይነት ይመረጣል፣ ብርሃኑም ይቀነሳል።

ይህ ሁሉ ልኬት ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያነብ ሰው ነው። በ45 ዲግሪ በጎን ለሚመጣ እግረኛ ርቀቱ ወደ 34 ሜትር ያድጋል፣ የፊደሉም ስፋት ይጠብበታል፤ ለእርሱ ቁመት ከመጨመር ይልቅ ከግድግዳው ወደ መንገዱ የሚወጣ ትንሽ የጎን ታፔላ መጨመር ይሻላል። የዋናው ታፔላ ርክክብ ግን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ መሆን የለበትም። ናሙናው በቦታው ተይዞ፣ አንድ ጊዜ በቀትር፣ አንድ ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ፣ ከመንገዱ ማዶ ስሙን የማያውቅ ሰው ካነበበው በኋላ ቀሪው ክፍያ ቢፈጸም ይመረጣል።