ለወላጆች የሚላክ ድጋፍና የግል ቁጠባ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚሠሩ ተቀጣሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በፋብሪካዎችና በልዩ ልዩ ድርጅቶች ተቀጥረው ከሚሠሩ ዜጎች መካከል ብዙዎቹ ከደመወዛቸው ከፊሉን በገጠር ለሚኖሩ ወላጆቻቸው ይልካሉ። የእነዚህን ሠራተኞች ቁጠባ የሚያፈርሰው ብዙውን ጊዜ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ አይደለም። ቁጠባው የሚወጣው የሕክምና፣ የማዳበሪያ ወይም የበዓል ወጪ በስልክ ሲጠየቅ ነው። ይሁን እንጂ ማዳበሪያም በዓልም ቀናቸው አስቀድሞ የሚታወቅ ወጪዎች ስለሆኑ ዕቅዱ በወር ሳይሆን በዓመት ሊታሰብ ይገባል።

የዕቅዱ መነሻ በእጅ የሚገባው የተጣራ ደመወዝ ነው። ለምሳሌ ወርሃዊ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት 700 ብር ግብር ይከፍላል። ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ይቀነስበታል። የተጣራ ደመወዙ 4,880 ብር ይሆናል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በዚህ ስሌት ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ ትእዛዝ ሲቀንስ አስቀድሞ የሚቋረጠው እርሱ ነውና፣ ወላጆች ለለመዱት ድጋፍ መሠረት ሊሆን አይችልም።

ይህ ሠራተኛ በጋራ ለሚከራየው ቤት፣ ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለመሳሰሉት 3,200 ብር ያወጣል እንበል። የሚተርፈው 1,680 ብር ነው። ከዚህ 600 ብር ለወላጆች በየወሩ ይላካል፤ 350 ብር ለወላጆች ዓመታዊ ወጪዎች ለብቻው ይቀመጣል፤ 730 ብር ደግሞ የራሱ ቁጠባ ይሆናል። ሦስቱም ደመወዝ በገባበት ዕለት ቢለዩና የራሱ ቁጠባ በሌላ የባንክ ሒሳብ ቢቀመጥ መደባለቅ አይኖርም።

ለዓመታዊ ወጪዎች የሚቀመጠው 350 ብር በ12 ወር 4,200 ብር ይሆናል። ከዚህ 1,000 ብር በታኅሣሥ ለጤና መድኅን፣ 1,200 ብር በሚያዝያ ለፋሲካ፣ 2,000 ብር በሰኔ ለማዳበሪያ ቢመደብ ድምሩ በትክክል ይበቃል። ሆኖም ቁጠባው በመስከረም ከተጀመረ ችግር አለ፤ እስከ ሰኔ የሚጠራቀመው የ10 ወር 3,500 ብር ብቻ ስለሆነ ለማዳበሪያ 700 ብር ይጎድላል። ጉድለቱም የሚሞላው ከራስ ቁጠባ ወይም በብድር ነው። በሐምሌ ከተጀመረ ግን ሦስቱም ወጪዎች በየቀናቸው ይሸፈናሉ። ስለዚህ ድምሩን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የሚደርስበትን ወርም ማስላት ያስፈልጋል። በእቁብ የሚቆጥቡም ዕጣው መቼ እንደሚወጣላቸው ስለማያውቁ፣ ቀን ለተቆረጠለት ወጪ በእቁብ ባይተማመኑ ይሻላል።

ቀኑ የማይታወቀው ሕመም ነው። በመሆኑም ከዓመታዊ ወጪዎች ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ወላጆች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሚሆኑበት ክፍያ ነው። ክፍያው በዓመት አንድ ጊዜ በቤተሰብ ደረጃ የሚፈጸም ሲሆን፣ መጠኑና የምዝገባው ወቅት እንደየአካባቢው ይለያያል (ከላይ የተጠቀሰው 1,000 ብር ምሳሌ ብቻ ነው)። ትክክለኛውን መጠንና ወቅት ወላጆች ከቀበሌያቸው ወይም ከወረዳው ጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት ሊያረጋግጡ ይገባል። የእድሳት ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ አገልግሎት አያሰጥም። አባሉ በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሪፈር ወረቀት መያዝ ይኖርበታል፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ታካሚ ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። እንደ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ያሉ አገልግሎቶችም አይሸፈኑም። በሥራ ከተማ የሚኖረው ልጅ በወላጆቹ መታወቂያ መታከም እንደሚችል መቁጠር የለበትም።

የራስ ቁጠባ የመጀመሪያ ግብ ሥራ ቢቋረጥ ለሁለት ወር ኑሮ የሚበቃ ገንዘብ ቢሆን መልካም ነው። በምሳሌው ይህ 6,400 ብር ሲሆን፣ በወር 730 ብር ለሚቆጥብ ሠራተኛ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። በእነዚህ ወራት የሚላከውን 600 ብር ከፍ ማድረግ አይመከርም። ደመወዝ ሲጨመር ግን ጭማሪው ለድጋፍና ለቁጠባ ሊከፈል ይችላል። ጭማሪውን በሙሉ ወደ ድጋፍ ማዞር ኋላ ለመቀነስ እጅግ ከባድ ነው።

ከደመወዝ የሚቀነሰው 7 በመቶ በአሠሪው 11 በመቶ ታክሎ ለጡረታ ገቢ መደረግ አለበት። በደመወዝ ወረቀት ላይ መቀነሱ ብቻ ገቢ መደረጉን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ሠራተኛው የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይዞ ከግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሊጠይቅ ይገባል። አሠሪ ሲቀየርም ይኸው ቁጥር ለአዲሱ አሠሪ ይሰጣል። የጡረታ ሕጉ በተተኪነት ከሚያውቃቸው መካከል በሟች ልጃቸው ገቢ ይረዱ የነበሩ ወላጆች ይገኙበታል። በባንክ ወይም በቴሌብር የተላከ ገንዘብ ማስረጃ ስለሚተው፣ በሰው እጅ ከሚላከው ይልቅ ለዚህም ይጠቅማል።