ያልተሞላ፦ ዳታቤዝ ሲቆጥር የሚዘለው ቦታ

አንድ እድር የአባላቱን መዝገብ ከደብተር ወደ ዳታቤዝ አዛወረ እንበል። ጸሐፊው አባላቱ ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ ያስቆጥራል። መጀመሪያ ስድስት ይለዋል፤ በሁለተኛው አራት። መዝገቡ በመካከሉ አልተነካም፤ የጠፋ ሰውም የለም። ልዩነቱን ያመጣው እንግሊዝኛው NULL የሚለው፣ ባለሙያዎችም «ነል» እያሉ የሚጠሩት ነገር ነው። ለዚህ ቃል «ያልተሞላ» የሚለውን አማርኛ አቀርባለሁ። ለምን ይህን እንደመረጥኩ የሚገባው ግን ቆጠራው ከተገለጠ በኋላ ነው።

መዝገቡ ይህ ነው። phone የሚለው ዓምድ ስልክ፣ paid የሚለው ደግሞ የወሩን መዋጮ በብር ይይዛል።

```
id | name  | phone      | paid
1  | አበበ   | 0900000001 | 200
2  | ጫልቱ  | NULL       | 200
3  | ከድር   | 0900000003 | 0
4  | ሰናይት | ''         | 200
5  | ገብሬ   | NULL       | NULL
6  | ሐና    | 0900000006 | 200
```

ጸሐፊው ያስቆጠረው በእነዚህ ሁለት መንገዶች ነው፦

```sql
SELECT COUNT(*), COUNT(phone)
FROM members;
```

ኮከብ ያለበት ቆጠራ የሚቆጥረው ረድፎችን ነው። በረድፉ ውስጥ ምን እንደተጻፈ አይመለከትም፤ ረድፉ መኖሩ ይበቃዋል። ስለዚህ መልሱ 6 ነው። በቅንፉ ውስጥ የዓምድ ስም ሲገባ ግን ጥያቄው ይለወጣል። «ስንት ረድፍ አለ?» መሆኑ ቀርቶ «በዚህ ዓምድ ሥር ስንት እሴት ተመዝግቧል?» ይሆናል። ዳታቤዙ ረድፎቹን አንድ በአንድ እያየ NULL የሰፈረበትን ያልፋል፣ ሌላውን ይቆጥራል። ጫልቱና ገብሬ ታለፉ፤ መልሱ 4 ሆነ። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው ጸሐፊው አራቱን «የአባላት ብዛት» ብሎ በሪፖርት ሲያሰፍር ነው።

ዳታቤዙ የሚዘለው NULL እሴት ስላልሆነ ነው። እሴት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ የተተወ ምልክት ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸውን የሠንጠረዥ ዳታቤዞች መሠረት የጣለው የአይቢኤም ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በ1979 ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ እሴት በሌለበት ቦታ ላይ የሚደረግ ንጽጽር ከእውነትና ከሐሰት ሌላ ሦስተኛ መልስ እንደሚያስፈልገው አሳየ፤ እርሱም «አይታወቅም» ነው። የጫልቱ ስልክ ከአበበ ስልክ ጋር አንድ ነው? አይታወቅም። የጫልቱና የገብሬ ስልክስ አንድ ነው? ሁለቱም ስላልተመዘገቡ ይህም አይታወቅም። ስለዚህ phone = NULL ብሎ የሚፈልግ ሰው አንድም ረድፍ አያገኝም፤ phone IS NULL ብሎ መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ብዙ ሰው NULL ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት «ባዶ» ነው። ነገር ግን በአማርኛ ባዶ ሁለት ሥራ ይዟል። ጨዋታው ሁለት ለባዶ አለቀ ስንል ዜሮ ማለታችን ነው። ባዶ ወረቀት ስንል ምንም ያልተጻፈበት ማለታችን ነው። ችግሩ ዳታቤዙ እነዚህን ሁለቱንም መቁጠሩ ነው። ከድር በመዋጮው ዓምድ 0 አለው፤ ገንዘብ ያዡ ጠይቆ እንዳልከፈለ አረጋግጦ የጻፈው ቁጥር ነው። ሰናይት በስልኩ ዓምድ '' አላት፤ መዝጋቢው ሣጥኑን ከፍቶ ምንም ፊደል ሳይጽፍበት ያስቀመጠው ጽሑፍ ነው። ርዝመቱ ዜሮ ቢሆንም ለዳታቤዙ ጽሑፍ ነው። አራት ከተባሉት ስልኮች አንዱ ይህ የሰናይት ምንም የሌለበት ጽሑፍ መሆኑን ልብ ይሏል። «ባዶ» ብለን ከተረጎምን ተማሪው ዜሮውም የማይታየው ጽሑፍም የሚዘለሉ ይመስለዋል።

«አልቦ» የሚለው የግዕዝ ቃልም ሊታሰብ ይችል ነበር፤ «የለም» ማለት ነውና ያምራል። ሆኖም በሒሳብ ለዜሮ መጠሪያነት ስለዋለ ወደዚያው ግራ መጋባት ይመልሰናል። «ያልታወቀ» ደግሞ ከሚገባው በላይ ይናገራል። ጫልቱ ስልክ የላት ይሆናል፤ ኖሯት መስጠት አልፈለገች ይሆናል፤ መዝጋቢው ረስቶ ይሆናል። NULL ምክንያቱን አይነግረንም። የሚነግረን ቦታው አለመሞላቱን ብቻ ነው። በየቢሮው ቅጽ የሚቀበል ሰው «ይቺ አልተሞላችም» ሲል የሚለው ይህንኑ ነው። «ያልተሞላ» የተሻለው ለዚህ ነው።

ያልተሞላ ቦታ ቆጠራን ብቻ ሳይሆን አማካይንም ይነካል፤ አማካይ የሚሠራው በቆጠራ ስለሆነ። ገንዘብ ያዡ AVG(paid) ብሎ ይጠይቅ። ድምሩ 800 ብር ነው። ዳታቤዙ የሚያካፍለው ለስድስት ሳይሆን በዓምዱ ለተመዘገቡት አምስት እሴቶች ነው፤ መልሱ 160 ብር ይሆናል። የከድር ዜሮ ተቆጥሯል፤ የገብሬ ያልተሞላ ቦታ ግን አልገባም። ለስድስቱ አባላት ቢካፈል 133 ብር ከ33 ሳንቲም ይመጣ ነበር። ገብሬ ከፍሎ ገና ያልተመዘገበለት ከሆነ 160 ይሻላል፤ አለመክፈሉ ታውቆ ሳይጻፍ የቀረ ከሆነ ግን 160 እድሩን ከእውነቱ በላይ ያሳየዋል። ይህን መወሰን የሚችለው ገብሬን የሚያውቀው ሰው እንጂ ዳታቤዙ አይደለም።

ጉድለቱን ለማየት ቀላሉ መንገድ ሁለቱን ቆጠራዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥና መቀነስ ነው። ልዩነቱ ያልተሞሉት ቦታዎች ብዛት ነው። እንደ ሰናይት ያለውን ምንም የሌለበት ጽሑፍ አብሮ ለማውጣት ደግሞ ከመቆጠሩ በፊት ወደ ያልተሞላ መለወጥ ይቻላል፦

```sql
SELECT COUNT(*),
       COUNT(NULLIF(phone, ''))
FROM members;
```

አሁን 6 እና 3 ይመጣል። ኦራክል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ግን የመጀመሪያው ጥያቄም ቢሆን 3 ይሰጥ ነበር፤ ኦራክል ምንም ፊደል የሌለበትን ጽሑፍ ራሱ እንደ NULL ስለሚይዘው። አንድ መዝገብ ከአንዱ ዳታቤዝ ወደ ሌላው ሲዛወር ቆጠራው ከተለወጠ አንዱ መጠርጠሪያ ይህ ነው።

እድሩ ሐዘን ደርሶበት ጸሐፊው በስልክ መልእክት ጥሪ ሊልክ ሲል የሚያስፈልገው ስድስቱም አራቱም አይደለም፤ ሦስቱ ነው። በስድስቱና በሦስቱ መካከል ያሉት ጫልቱ፣ ሰናይትና ገብሬ ናቸው። መልእክቱ አይደርሳቸውም፤ ለእነሱ ጥሩምባ ነፊው በራቸው ድረስ መሄድ አለበት።