የትርፍ አንጀት ሕመም

የትርፍ አንጀት ሕመም (አፔንዲሳይትስ) ከትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ የተንጠለጠለች ቀጭን ቱቦ ስትቆጣና ስታብጥ የሚመጣ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እምብርት አካባቢ ይሰማል፤ ከሰዓታት በኋላ በስተቀኝ ወደ ታችኛው ሆድ ወርዶ እዚያው ይረጋል። ሐኪም ይህን ቅደም ተከተል ሲሰማ ትርፍ አንጀትን የሚጠረጥረው በነርቮች አሠራር ምክንያት ነው።

ሕመሙ ለምን ቦታ ይቀይራል?

ትርፍ አንጀት አንደኛው ጫፏ ድፍን ነው። ሌላው ጫፏ በደረቀ ዓይነ ምድር ወይም በግድግዳዋ እብጠት ሲዘጋ፣ የምታመነጨው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ይወጥራታል፤ ባክቴሪያም ይራባባታል። የአንጀት ነርቮች መወጠርን ይናገራሉ እንጂ ቦታን አጥርተው አይለዩም። ከትርፍ አንጀት የሚነሱት ነርቮች ወደ ሰረሰር የሚገቡት የእምብርት አካባቢ ቆዳ ነርቮች በሚገቡበት ደረጃ ስለሆነ፣ አንጎል ሕመሙን እምብርት ላይ እንዳለ አድርጎ ይረዳዋል። በዚህ ጊዜ ሕመሙ ድፍን ያለና በጣት ለማመልከት የሚያስቸግር ነው።

ቁጣው ወደ ውጭ ዘልቆ የሆድን ግድግዳ ከውስጥ የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን ሲነካ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዚህ ሽፋን ነርቮች እንደ ቆዳ ነርቮች ቦታን ለይተው ያውቃሉ። ስለዚህ ሕመሙ የሚወጋ ይሆናል፤ ሲያስሉና ሲራመዱም ይብሳል። በሌላ አነጋገር፣ የታመመችው ቱቦ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበረች፤ የተለወጠው መልእክቱን የሚያደርሰው ነርቭ ነው።

ከምግብ በኋላ መሮጥ ትርፍ አንጀት ያስይዛል የሚለው የተለመደ አባባል መሠረት የለውም። ሲሮጡ ጎን ላይ የሚወጋው ሕመም ሌላ ነው፤ ሲያርፉም ይለቃል።

አንድ ምሳሌ

በመርካቶ ሲኒማ ራስ አካባቢ ዕቃ የሚያወርድ የ20 ዓመት ወጣት እንውሰድ። ማታ እምብርቱ ዙሪያ አመመው፤ እራት አስጠላው፤ ከዚያም አስመለሰው። ጨጓራ ነው ብሎ ተኛ። ሲነጋ ሕመሙ በቀኝ ታች ሆዱ ላይ ሰፍሯል፤ በታክሲ ሲሄድም መኪናው በነጠረ ቁጥር ይወጋዋል። እዚህ ላይ ሕመሙ ከማስመለሱ መቅደሙ ራሱ ፍንጭ ነው። በምግብ መመረዝና በተቅማጥ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ይቀድማል።

ሐኪሙ ከእምብርት እስከ ቀኙ የዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ ያለውን መስመር ለሦስት ከፍሎ፣ ከአጥንቱ በኩል ሲሶው ላይ ይጫናል። ይህ ቦታ በ1889 እ.ኤ.አ. በገለጸው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ስም የማክበርኒ ነጥብ ይባላል።

ከዚያ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው የአልቫራዶ ነጥብ አሰጣጥ ይረዳዋል። ሕመሙ ቦታ በመቀየሩ 1፣ ምግብ በማስጠላቱ 1፣ በማስመለሱ 1፣ ቀኝ ታች ሆዱ ሲነካ በማመሙ 2፣ እጅ በድንገት ሲነሳ በመብሱ 1፣ ሙቀቱ 37.8 በመሆኑ 1፤ ድምሩ 7 ነው። የነጭ ደም ሕዋሱ 14,000 ሆኖ ሲገኝ 2 ተጨምሮ 9 ይደርሳል። ከ10 ነጥብ 7 እና ከዚያ በላይ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ 5 እና 6 ክትትልና አልትራሳውንድ የመሰለ ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል።

የሚያሳስቱ ሁኔታዎች

ሕመሙ በዚህ ቅደም ተከተል የሚመጣው ከታማሚዎቹ በግማሽ ያህሉ ላይ ነው። ቱቦዋ ከትልቁ አንጀት ጀርባ ከተኛች ሕመሙ ወደ ጎንና ወደ ወገብ ይሄዳል። እርግዝናው በገፋ ጊዜ ከፍ ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ በሕፃናትና በአረጋውያን ደግሞ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ግልጽ አይደለም።

በሌላ በኩል የኩላሊት ጠጠር፣ ታይፎይድና የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ በዚያው ቦታ ሊያሙ ይችላሉ። ለመውለድ በደረሰች ሴት ላይ ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ስለሚያሰጋ የእርግዝና ምርመራ ይቀድማል። የታይፎይድ የደም ምርመራ (ዊዳል) ቀድሞ በያዘ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል፣ በእሱ ብቻ ተመርኩዞ ትርፍ አንጀት አይደለም ማለት አይቻልም።

አደጋውና ሕክምናው

ሕመሙ ከአንድ ቀን ካለፈ ቱቦዋ የመፈንዳት ዕድሏ እየጨመረ ይሄዳል። ስትፈነዳ ውጥረቱ ስለሚላላ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ሊል ይችላል፤ ታማሚው የተሻለው ይመስለዋል። ከዚያ መግሉ ሲሠራጭ ሆዱ በሙሉ ይጠነክራል፣ ትኩሳቱም ይጨምራል።

ዋናው ሕክምና ትርፍ አንጀትን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ባልፈነዳና ባልተወሳሰበ ሕመም አንዳንዶች በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብቻ ይድናሉ፤ ሆኖም ሊመለስባቸው ይችላል። የተጠረጠረ ሰው ምግብና መጠጥ አቁሞ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ አለበት። የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድ ግን ቱቦዋ እንድትፈነዳ ሊያደርግ ስለሚችል አደገኛ ነው።