ዜሮዎችን በመስመር መሸፈን፦ ሠራተኛን ከማሽን ጋር በዝቅተኛ ወጪ የማገናኘት ስሌት

አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አራት ሠራተኞችና አራት ማሽኖች አሉት እንበል። አንድ ሠራተኛ የሚመደበው በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ አንዱን ማሽንም ሁለት ሰው አይዝም። አንድ ትእዛዝ ለመጨረስ እያንዳንዱ ሠራተኛ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የሚያስወጣው ወጪ በመቶ ብር ሲሰላ እንዲህ ነው፦

| | ቶርኖ | ፍሬዛ | ትራፓኖ | ብየዳ |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | 11 | 9 | 15 | 12 |
| ለ | 15 | 10 | 13 | 17 |
| ሐ | 17 | 13 | 11 | 20 |
| መ | 13 | 16 | 15 | 12 |

ከሁሉም የምታንሰው 9 ስለሆነች ሀን ፍሬዛ ላይ መመደብ ያጓጓል። ከዚያ ሐ ትራፓኖን በ11፣ መ ብየዳን በ12 ይይዛሉ። ለ ግን የቀረለት ቶርኖ ብቻ ነው፤ እሱም 15 ያስወጣል። ድምሩ 47 ይሆናል። ይህ መልስ ትክክል እንዳልሆነ ጥቂት ቆይተን እናያለን።

ስሌቱ የሚጀምረው ከየረድፉ ትንሹን ቁጥር በመቀነስ ነው፤ እነዚህም 9፣ 10፣ 11 እና 12 ናቸው። ለ የትኛውም ማሽን ቢደርሰው ከ10 በታች አያስወጣም። ስለዚህ ያን 10 ለይተን ብናስቀምጥ ከሁሉም ምደባዎች ላይ እኩል መጠን ይነሳል፤ የትኛው ምደባ ከየትኛው እንደሚሻል አይለወጥም። ቀጥሎ በዓምዶቹም ላይ ይኸው ይደረጋል። እዚህ ዜሮ ያላገኘው የቶርኖ ዓምድ ብቻ ስለሆነ ከእሱ 1 እንቀንሳለን። እስካሁን ያነሳነው 43 ሲሆን የቀረው ይህ ነው፦

| | ቶርኖ | ፍሬዛ | ትራፓኖ | ብየዳ |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | 1 | 0 | 6 | 3 |
| ለ | 4 | 0 | 3 | 7 |
| ሐ | 5 | 2 | 0 | 9 |
| መ | 0 | 4 | 3 | 0 |

አሁን ዜሮዎቹን በሙሉ በተቻለ መጠን በጥቂት አግድምና ቁልቁል መስመሮች መሸፈን አለብን። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በየረድፉ ዜሮ ስላለ አራት አግድም መስመር ያሰምሩና «አራት መስመር ለአራት ሠራተኛ፤ ጨርሻለሁ» ይላሉ። ሀ እና ለ ግን ዜሮ ያላቸው ፍሬዛ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ አይቻልም። አራት መስመር ማስመር መቻሉ ሳይሆን ከአራት ባነሰ መሸፈን አለመቻሉ ነው የሚፈለገው። ሃንጋሪያዊው ዴነሽ ኬኒግ በ1931 እንዳረጋገጠው፣ ዜሮዎቹን ለመሸፈን የሚበቃው ትንሹ የመስመር ብዛት በረድፍም በዓምድም ሳይጋጩ ሊመረጡ ከሚችሉት ዜሮዎች ትልቁ ብዛት ጋር እኩል ነው።

መስመሮቹን በዓይን ከመገመት ይልቅ በሥርዓት ማግኘት ይሻላል። መጀመሪያ ሀን በፍሬዛ፣ ሐን በትራፓኖ፣ መን በብየዳ እንያዛቸው። ለ ሳይመደብ ስለቀረ ረድፉ ላይ ምልክት እናድርግ። ዜሮው ያለው በፍሬዛ ዓምድ ነውና ዓምዱም ላይ ምልክት ይደረግ። ፍሬዛን የያዘው ሀ ስለሆነ በእሱም ረድፍ ላይ ምልክት ይደረግ። ሀ ሌላ ዜሮ ስለሌለው ምልክቱ እዚህ ይቆማል። መስመር የሚሰመረው ምልክት ባለው ዓምድና ምልክት በሌላቸው ረድፎች ላይ ነው፤ ማለትም በፍሬዛ፣ በሐ እና በመ ላይ። ሦስት መስመሮች ናቸው፤ ስለዚህ ገና አልጨረስንም።

ካልተሸፈኑት ቁጥሮች ትንሹ 1 ነው። ይህን ካልተሸፈኑት ሁሉ እንቀንሳለን፤ ሁለት መስመር በሚገናኝባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ እንጨምራለን፤ አንድ መስመር ብቻ ያለፈባቸውን አንነካም። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ያለ ምክንያት እንደ ደንብ ይደነግጉታል። በተግባር የተደረገው ግን ከሀ እና ከለ ረድፍ 1 መቀነስ፣ በፍሬዛ ዓምድ ላይ ደግሞ 1 መጨመር ነው። ሁለት ሰው የተሻማበት ማሽን ዋጋው ጨመረ ማለት ነው። አሁን ሀ ቶርኖ ላይም ዜሮ አገኘ፤ ፍሬዛን ለለ ለቀቀ።

መልሱ ሀ በቶርኖ፣ ለ በፍሬዛ፣ ሐ በትራፓኖ፣ መ በብየዳ ሆነ፦ 11፣ 10፣ 11 እና 12፣ በድምሩ 44። ቀድሞ ካገኘነው 47 በ300 ብር ያንሳል። ከ44 በታች እንደማይወርድም ሌላ ምደባ ሳንሞክር ማወቅ እንችላለን። በመጨረሻ ከረድፎቹ የተነሳው 10፣ 11፣ 11 እና 12 ነው፤ ከቶርኖ 1 ተነስቷል፣ በፍሬዛ ላይ 1 ተጨምሯል። ድምሩ በትክክል 44 ይመጣል፤ በሠንጠረዡ የቀሩት ቁጥሮችም ሁሉ ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። መልስን ለማረም ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ዘዴውን በዚህ መልክ ያሳተመው አሜሪካዊው ሃሮልድ ኩን በ1955 ነው። በኬኒግና በኢየኔ ኤገርቫሪ ሥራ ላይ በመመሥረቱ «የሃንጋሪ ዘዴ» ብሎ ሰየመው፤ የኤገርቫሪን ጽሑፍ ለማንበብም በመዝገበ ቃላት እየታገዘ ከሃንጋርኛ ተርጉሞታል።

ሠራተኞቹ ከማሽኖቹ ካነሱ ሠንጠረዡን ካሬ ለማድረግ በዜሮ የተሞላ ምናባዊ ረድፍ ይጨመራል፤ ያን ረድፍ የሚያገኘው ማሽን ሥራ ይፈታል። አንድ ሰው ጨርሶ የማይችለው ማሽን ካለ በቦታው እጅግ ትልቅ ቁጥር ይጻፋል። ያ ቁጥር በመጨረሻው ምደባ ውስጥ ከወጣ፣ ሁሉንም ሰዎች በሚችሉት ማሽን ላይ መመደብ አይቻልም ማለት ነው።